«ማን ያውቃል?» ስንል የሚመልሰው ማን ነው?

(በ20ኛ ዓመት የባቻችን ዳግም ግንኙነት ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «ስለ ሥርዓተ ፆታ ተናገሪ» ሲለኝ መጀመሪያ የጠየቅኩት ስንት ደቂቃ እንዳለኝ ነበር። ሃያ ደቂቃ ተባልኩ። በሃያ ደቂቃ የሴቶችን ጉዳይ በሙሉ ማንሳት አይቻልም፤ ስለዚህ አንዲት ጠባብ ነገር ብቻ ይዤ መጥቻለሁ። በሴሚናርና በራውንድ ላይ ስናስተምር ጥያቄያችን ለማን እንደሚደርስ፣ መልሱን ሰምተን ምን እንደምንል፣ በሮቴሽኑ መጨረሻ ግምገማ ላይ ደግሞ ምን እንደምንጽፍ። እዚህ ከተቀመጥነው ግማሾቻችን ተማሪ ወይም ሬዚደንት እናስተምራለንና ነገሩ የቤታችን ነው።

በትምህርት ሰዎች ዘንድ ይህ አዲስ አይደለም። ፋዌ በሚል አጭር ስም የሚታወቀው የአፍሪካ ሴት የትምህርት ባለሙያዎች መድረክ እ.ኤ.አ. በ1992 የተመሠረተ ሲሆን፣ በ2005 ለመምህራን ጾታን ያገናዘበ አስተማመር መመሪያ አውጥቷል። መመሪያው ስለ ትምህርት ዕቅድ፣ ስለ መጽሐፍ ምሳሌዎች፣ ስለ ወንበር አደራደርና ስለ መምህሩ ቋንቋ ያወራል። ችግሩ ያ ሁሉ የተጻፈው ጥቁር ሰሌዳና ደረጃውን የጠበቀ ክፍል ላለው መምህር መሆኑ ነው። የእኛ «ክፍል» ብዙ ጊዜ የበሽተኛ አልጋ ዙሪያ ነው። መምህሩም ስለ ማስተማር ሥልጠና ሳይወስድ፣ ስፔሻሊስት ስለሆነ ብቻ አስተማሪ የሆነ ሐኪም ነው።

አንድ የሥራ ባልደረባዬ፣ ተማሪዎቹ በጣም የሚወዱት የውስጥ ደዌ መምህር፣ «እኔ እኮ ወንድ ሴት አልልም፤ ግን ሴቶቹ አይናገሩም» ይለኝ ነበር። እንግዲያው ልቁጠርልህ አልኩት። ደስ ብሎት ተስማማ። ከዚህ በታች የምነግራችሁ የአንድ መምህር፣ የአንድ ቡድን ቆጠራ ነው፤ ጥናት አይደለም፤ እንደ ኬዝ ሪፖርት ውሰዱት።

ቡድኑ 14 የሲ-ዋን ተማሪዎች ነበሩት፤ ዘጠኝ ወንዶች፣ አምስት ሴቶች። ሴሚናሩ ሃምሳ ደቂቃ ነው፤ ርእሱ ሆድ ውስጥ ውሃ መቋጠር፣ አሳይተስ። ወረቀቴ ላይ የተማሪዎቹን አቀማመጥ ሳልኩና በእያንዳንዱ ተማሪ ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረግኩ። ሳይጠራ ከመለሰ አንድ ሰረዝ፣ በስም ተጠርቶ ከመለሰ ክብ፣ ጥያቄው የማስታወስ ከሆነ «ማ»፣ የማሰብ ከሆነ «ለ» (ለምን ለማለት)። ከመልሱ በኋላ መምህሩ ያለውን ደግሞ በሁለት ሦስት ቃል ጻፍኩ። ሌላ ምንም መሣሪያ የለም።

መምህሩ 42 ጥያቄ ጠየቀ። አሥራ አንዱን በስም ጠርቶ ነው የጠየቀው፤ ሰባት ለወንዶች፣ አራት ለሴቶች። አስተውሉ፤ ከአሥራ አንድ አራት፣ ከአሥራ አራት አምስት፣ ሁለቱም ሠላሳ ስድስት በመቶ ናቸው። በስም ሲጠራ ሰውየው በትክክል ፍትሐዊ ነበር። «ወንድ ሴት አልልም» ያለውም እውነቱን ነው።

ልዩነቱ ያለው በቀሩት 31 ጥያቄዎች ላይ ነው። እነዚህ «እሺ፣ ማን ያውቃል?» ተብለው ለሁሉም የተወረወሩ ናቸው። ሃያ አምስቱን ወንዶች መለሱ፣ ሦስቱን ሴቶች፣ ሦስቱን ራሱ መምህሩ። ግን እዚህ ላይ ቸኩለን «ወንዶቹ ሴቶቹን ዋጡ» እንዳንል። ከሃያ አምስቱ መልስ አሥራ ዘጠኙ የሦስት ልጆች ብቻ ነበር። ከቀሩት ስድስት ወንዶች ሁለቱ ሃምሳውን ደቂቃ ሙሉ አፋቸውን አልከፈቱም። ስለዚህ «ማን ያውቃል?» የሚለው ጥያቄ የሚሠራው ለፈጣኖቹ ነው። ፈጣኖቹ ደግሞ ወንዶች ሆነው ይገኛሉ።

ለምን? ሰዓት ይዤ ስለነበር አንዱን ምክንያት ማየት ችያለሁ። ከጥያቄው ማለቂያ እስከ መልሱ መጀመሪያ ያለው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰከንድ አይሞላም። ይህን ቀድማ የቆጠረችው ሜሪ ባድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ናት። መምህራን ጥያቄ ጠይቀው በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሚታገሡ፣ ያንን ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያሳድጉ ግን መልሱ እንደሚረዝም፣ ሳይጠሩ የሚናገሩት ተማሪዎች ቁጥር እንደሚጨምርና «አላውቅም» እንደሚቀንስ አሳይታለች። ሴሚናሩ ሲያልቅ አንዲቱን ልጅ ጠየቅኳት።

«መልሶቹን ታውቂያቸው ነበር?»

«ብዙዎቹን አዎ፣ ዶክተር። ግን በእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገሩን ጭንቅላቴ ውስጥ ሠርቼ ስጨርስ እነሱ ተናግረው ጨርሰዋል። እነሱ ግማሹን ይዘው ይጀምራሉ፤ መሀል ላይ ቢበላሽም ግድ የላቸውም። እኔ ተበላሽቶ ቢሰማብኝ ሳምንቱን ሙሉ ነው የማስበው።»

ልጅቷ ያለችውን ልብ በሉ። ሁለቱም ወገን እኩል ያውቃል። ልዩነቱ በግማሽ መልስ መጀመር የሚያስከፍለው ዋጋ ለማን እንደሚከብድ ነው። የዚህ ዋጋ ነገር ከተማሪነት ጋር የሚቀር አይደለም። አሌሺያ ካርተርና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ጥናት በአሥር አገሮች ወደ 250 የሚሆኑ የዩኒቨርሲቲ ሴሚናሮችን ታዝበው፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ወንድ ከጠየቀ ከዚያ በኋላ የሚጠይቁ ሴቶች ድርሻ እንደሚያንስ አግኝተዋል። እዚያ የተቀመጡት ሴቶች ተማሪዎች ብቻ አይደሉም፤ ፕሮፌሰሮችም አሉባቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ለእኔ ከቁጥሩ ይልቅ የከበደኝ ምን ዓይነት ጥያቄ ለማን ሄደ፣ ሲሳሳቱስ ምን ተባሉ የሚለው ነው።

በስም ከተጠሩት አራት ሴቶች ሦስቱ የተጠየቁት የማስታወስ ጥያቄ ነው። «ሳግ ከስንት በላይ ሲሆን ነው ፖርታል ሃይፐርቴንሽን የምንለው?» «አንድ ነጥብ አንድ።» «ጎበዝ።» አለቀ። ከሰባቱ ወንዶች ለአምስቱ የተጠየቀው የማሰብ ጥያቄ ነው። «የዚህ በሽተኛ ሳግ 1.6 ነው፤ የፈሳሹ ፕሮቲን ግን ከፍተኛ ነው። ወዴት ይወስድሃል?» ልጁ «ሲሮሲስ» አለ። ተሳሳተ። መምህሩ ግን አለቀቀውም። «ሲሮሲስ ላይ ፕሮቲኑ ለምን ዝቅ ይላል? እስቲ እዚያ ላይ አስብ። ጉበቱ ራሱ ደህና ሆኖ ደሙ መውጫ ቢያጣስ?» ልጁ አንገቱን አከከ፣ ጓደኞቹ ሳቁ፤ ከዚያ «ልብ... ፔሪካርዲየም?» አለ። «ታዲያ በሽተኛው ላይ ምን ታያለህ?» «የአንገት ደም ሥር።» ሁለት ደቂቃ ያህል ፈጀ። ያ ልጅ ይህን ነገር ዕድሜ ልኩን አይረሳውም።

አራተኛዋ ሴት የማሰብ ጥያቄ ደርሷት ነበር። ሳጉ 0.8፣ ፈሳሹ በሊምፎሳይት የተሞላ፣ ሰውየው የከሳ። «የጉበት ካንሰር» አለች። መምህሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በእውነትም በአባትነት፣ «አይ፣ አይዞሽ፣ ከበድ ያለ ጥያቄ ነው። ሌላ ሰው?» አለ። ከጎኗ ያለው «የፔሪቶኒየም ቲቢ» ብሎ ወሰደው። አራት ሰከንድ ቢሆን ነው።

እንግዲህ ይህችን ልጅ ማን በደላት? ማንም ክፉ አልተናገራትም። እንዲያውም በዚያ ሴሚናር በጣም በለሆሳስ የተናገሩት ለእሷ ነው። ግን «ሳጉ ዝቅ ማለቱ ምን ይነግርሻል? የጉበት ካንሰር ሲሮሲስ ላይ ተነሥቶ ቢሆን ሳጉ እንዴት ይሆን ነበር?» ብሎ የሚያቆያት ሰው አጣች። ወንዱ ተሳስቶ ትምህርት አገኘ፤ እሷ ተሳስታ ርኅራኄ አገኘች። በክሊኒካል ትምህርት ዓመታት ውስጥ ይህ ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም አስቡት። ከዚያ በኋላ «በራስ መተማመን ይጎድላታል» ብለን እንጽፋለን።

ስለ መጻፍ ካነሣሁ አይቀር። ባልደረባዬ የሮቴሽኑን ግምገማ ስም እየሸፈነ አሳየኝ። ስም መሸፈኑ ግን በአማርኛ ብዙም አይረዳም፤ «ናት» እና «ነው» ያጋልጣሉ። ነጥቦቹ ተቀራራቢ ነበሩ። አስተያየቶቹ ግን የተለያየ ዓለም ናቸው። የሴቶቹ «ትጉህ ናት፣ ጨዋ ናት፣ ሰዓት ታከብራለች፣ የበለጠ ድፍረት ያስፈልጋታል» ይላል። የወንዶቹ ላይ «ሂስትሪ አወሳሰዱ ጥሩ ነው፤ ስፕሊን ሲዳስስ ከቀኝ ታችኛው ሆድ ስለማይጀምር ትልቅ ስፕሊን ያመልጠዋል» የሚል አለ። ይህ ተማሪ ነገ ጠዋት ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። «ድፍረት ያስፈልጋታል» የተባለችው ነገ ጠዋት ምን ታድርግ? ጮክ ብላ ትናገር?

አብረን ተቀምጠን አንዱን አስተያየት ለመለወጥ ሞከርን። «ድፍረት ያስፈልጋታል ስትል ምን አይተህ ነው?» አልኩት። አሰበና «ኬዝ ስታቀርብ ሂስትሪውና ምርመራው ጥሩ ነው፤ አሰስመንት ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ይጠፋል፤ አምስት ስድስት በሽታ ትደረድርና ታቆማለች» አለ። በቃ፣ አስተያየቱ ይኸው። እንዲህ ተጻፈ፦ «አሰስመንት ላይ ሦስት ዲፈረንሻል ብቻ በቅደም ተከተል አቅርቢ። የመጀመሪያውን ያስቀደምሽበትን ሁለት ማስረጃ ከዚሁ በሽተኛ ጥቀሺ፣ ሁለተኛውን የሚያስጥልሽን አንድ ምርመራ ተናገሪ። በሚቀጥሉት አራት ኬዞች ላይ አያለሁ።» ርዝመቱ ያው ነው። ጠባይዋን አይነካም፤ ሥራዋን ነው የሚነካው።

አስተያየት ወደ ጠባይ የሚንሸራተተው መምህሩ ስላዳላ ብቻ አይደለም። ቅጹ የሚሞላው ሮቴሽኑ ካለቀ ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፤ ያኔ የሚታወሰው ጠባይ ብቻ ነው። ተናጋሪዎቹ ሦስት ልጆች ስለ ሕክምና የተናገሩት ይታወሳል፤ ዝም ካለችው የሚታወሰው ዝምታዋ ነው። ስለዚህ አሁን መምህሩ በነጭ ካፖርቱ ኪስ ትንሽ ደብተር ይይዛል። በየራውንዱ ለሁለት ተማሪ አንዳንድ መስመር ይጽፋል፤ በሳምንት ሁሉም ይዳረሳል። ግምገማው የሚሞላው ከዚያ ደብተር ነው።

ለሴሚናሩስ ምን አደረግን? አሥራ አራት ካርድ ቆረጥን፣ ስም ጻፍንባቸው፣ በወዝን። ጥያቄው ይጠየቃል፤ መምህሩ በልቡ «አንድ ሺ አንድ፣ አንድ ሺ ሁለት፣ አንድ ሺ ሦስት» ይላል፤ ከዚያ ካርድ ያነሣል። ቅደም ተከተሉ ዋና ነገር ነው። ስም አስቀድሞ ከተጠራ አሥራ ሦስቱ ማሰብ ያቆማሉ። ካርዱ ሁሉንም ሳያዳርስ ማንም ሁለት ጊዜ አይጠየቅም። አንድ ተማሪ አንድ ጊዜ «ልለፍ» ማለት ይችላል፤ ካርዱ ግን ከታች ይገባና ተመልሶ ይመጣል። ይህችን «ልለፍ» የጨመርናት ሆን ብለን ነው። እኛ የተማርንበትን ራውንድ ታስታውሳላችሁ፤ በስም መጠራት ማለት በሰው ፊት መዋረድ የነበረበት ጊዜ ነበር። ያንን ለሁሉም እኩል ማከፋፈል ፍትሕ አይባልም።

ለስሕተት ደግሞ አንድ ደንብ ብቻ አወጣን። የተሳሳተ መልስ ከሰጠ ሰው ሁለት ተጨማሪ ጥያቄ ሳይጠየቅ «ሌላ ሰው?» አይባልም። ሴትም ይሁን ወንድ፣ ጎበዝም ይሁን ሰነፍ። «አይዞሽ» ማለት አልተከለከለም፤ ከሁለቱ ጥያቄዎች በኋላ ይባል ነው።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ያንኑ ቡድን ቆጠርኩ። 24 ጥያቄ፤ ዘጠኝ ለሴቶች፣ አሥራ አምስት ለወንዶች። አሥራ አራቱም ተናገሩ፤ እነዚያ ሁለት ዝምተኛ ወንዶችም ጭምር። ከሴቶቹ ዘጠኝ ጥያቄ አምስቱ «ለ» ነበሩ። ሁለት ልጆች «ልለፍ» አሉ፤ ሁለቱም ሲመለስባቸው መለሱ። አንደኛው ከሦስቱ ተናጋሪዎች ነበር! እሱ ሁልጊዜ የሚያውቀውን እየመረጠ ይመልስ ስለነበር የማያውቀው ነገር እንዳለ መምህሩም ልጁም ልብ አላሉም ነበር።

ዋጋ ግን አስከፍሏል። ጥያቄው ከ42 ወደ 24 መውረዱን አይታችኋል። በፊት ሦስት ኬዝ ይጨርስ የነበረ መምህር አሁን ሁለት ነው የሚጨርሰው። ሦስተኛው ለንባብ ይሰጣል፤ ሁሉም እንደማያነቡት እናውቃለን። ባልደረባዬ በዚህ ተበሳጭቷል፤ ብስጭቱም ተገቢ ነው። እኔ ሁለቱን መርጫለሁ፤ ምክንያቱም ያኔ ሦስት ኬዝ «የጨረሱት» ሦስት ልጆች ነበሩ። ሌላው ጉድለት ሰው እየቆጠረው ያለ መምህር የሚጠነቀቅ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሁለተኛው ቆጠራ ከተለመደው ቀን የተሻለ ሳይሆን አይቀርም። አሁን አንድ ተማሪ በየሳምንቱ ተራ ገብቶ ይቆጥራል፤ ሲለመድ ሰው ይረሳዋል።

ራውንድ ላይ ስንሄድ ካርድ አይሠራም። እዚያ ሌላ ነገር አለ፤ በሽተኛው ራሱ። ወንዱን ተማሪ «ዶክተር» ይለዋል፣ ሴቷን «ሲስተር»። ነርስነት ክቡር ሙያ ነው፤ ስድብ አይደለም። ግን ልጅቷ ኬዝዋን ስታቀርብ በሽተኛው ዓይኑን ከወንዱ ላይ አይነቅልም፤ ጥያቄ ሲጠይቅም እሱን ነው፤ እሱም ይመልስለታል። መምህሩ እዚህ ላይ ንግግር ማድረግ የለበትም። ወደ አልጋው ሲደርስ «አባባ፣ ዛሬ የእርስዎ ሐኪም ዶክተር እከሊት ናት፤ የሚጠይቁትን እሷን ይጠይቁ» ብሎ አንድ ዓረፍተ ነገር መናገርና ሁለት እርምጃ ወደኋላ መቆም ይበቃዋል። አልጋው ራስጌ በቀኝ በኩል፣ ማለትም መመርመሪያው ቦታ ላይ፣ ተረኛዋ ትቁም። ቁመት ያለው ከኋላ ይታየዋል።

ያልተፈታልን የፕሮሲጀር ጉዳይ ነው። «ኤል ፒ ማን ይሠራል?» ሲባል እጅ የሚያወጡት ያው ፈጣኖቹ ናቸው። ቀን ቀን ዝርዝር ለጥፈን በተራ አድርገናል፤ ጥሩ ይሄዳል። ሌሊት ተረኛው ሬዚደንት አጠገቡ ያገኘውን ይጠራል፤ ሴቶቹ ደግሞ ሌሊት ለደኅንነታቸው ብለው ከዋርዱ ራቅ ባለ የተቆለፈ ክፍል ነው የሚያርፉት። ስለዚህ ሎግ ቡካቸው ላይ የሌሊት ፕሮሲጀር ከወንዶቹ ያንሳል። ይህ በመምህር ጠባይ የሚስተካከል አይደለም። የማረፊያ ክፍል ጥያቄ ነው፤ ለአስተዳደሩ በጽሑፍ አቅርበናል፤ መልስ እየጠበቅን ነው።

የመቁጠሪያውን ወረቀት አባዝቼ ምዝገባው ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ፤ አንድ ገጽ ነው። የምትሞክሩት ካላችሁ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ቆጣሪው ከኋላ አይቀመጥ፣ ከጎን ይቀመጥ። ከኋላ ሆኖ የሚታየው ጀርባ ብቻ ነው። ከጎን ግን አፏን ከፍታ፣ ሌላው ሲቀድማት መልሳ የምትዘጋዋ ልጅ ትታያለች። ለእሷ የሚሆን ትንሽ ሳጥን ወረቀቱ ላይ አለ።